«3:00» ብዬ ጻፍኩ፣ አባትየው በ9 ሰዓት መጣ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኤግዚቢሽን ካለቀ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እኛ ወንበር እየደረደርን፣ የጽዳት ሠራተኞቹ አዳራሹን እየጠረጉ ነው። በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እቅፍ አበባ ይዞ ገባ። «ኤግዚቢሽኑ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አላሳለፈም።

ልጁ አምስተኛ ክፍል ናት። በአሸዋ፣ በጠጠርና በከሰል የውሃ ማጣሪያ ሠርታ አቅርባ ነበር። አባትየው ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ለአጭር እረፍት ነው የመጣው። ከእናቷ ጋር አብረው አይኖሩም፣ የፕሮግራሙን ስክሪንሾት የላከችለት ልጅቷ ራሷ ናት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እኔው የሠራሁት ገጽ ነው። ሠንጠረዡ ላይ «3:00፣ መክፈቻ» ይላል። «ሦስት ኤኤም ላይ ማን ትምህርት ቤት ይከፍታል? ፒኤም ነው ብዬ ነው» አለ። ምን ልበለው? ማጣሪያው ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወሰድኩት፤ ውሃ አፍስሼ አሳየሁት፤ በስልኩ ቀረጸው። አበባውን ይዞ ወጣ።

እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የአይሲቲ መምህር ሥራ ነው። ፎቶ ኮፒው ወረቀት ሲበላ የምጠራው እኔ ነኝ፤ የዝግጅቱን ማስታወቂያ ገጽ የሠራሁትም በዚያው ሕግ ነው። ገጹ ላይ የነበረው ሦስት ነገር ነው፤ የፕሮግራም ሠንጠረዥ፣ ካርታና «ይመዝገቡ» የሚል ቁልፍ። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ተበላሹብኝ። እንደ እኔ «አንተ ኮምፒውተር ትችል የለ» ተብላችሁ ይህ ሥራ ለሚወድቅባችሁ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ከሰዓቱ ልጀምር፤ ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የኛ 3 ሰዓት በፈረንጅ 9:00 እንደሆነ ማንም ያውቃል። እኔ ያላሰብኩት ሰው ባዶ ቁጥር ሲያይ የሚያደርገውን ነው። አይጠይቅም፤ ያዋጣል ያለውን ይመርጣል። በፈረንጅ ሰዓት የሚያስብ ሰው 3:00ን ሲያይ ሌሊት ሊሆን አይችልም ይላል፤ ስለዚህ ከሰዓት ያደርገዋል። ያ ደግሞ በኛ 9 ሰዓት ነው። አሁን ገልብጡት። «9:00» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ወላጅ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር። የትኛውንም ብጽፍ ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱም ደግሞ ሥራ ሰዓት ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ማንም ስህተቱን አይጠረጥርም። ሌሊት ላይ ቢያርፍ ኖሮ እኮ ሰው ደውሎ ይጠይቅ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ከሠንጠረዡ በታች «ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሎ መጻፍ ነበር። አይሠራም። ሰው ሠንጠረዡን ስክሪንሾት አድርጎ ነው የሚልከው፤ የግርጌው መስመር ተቆርጦ ይቀራል። አባትየው ያሳየኝም ስክሪንሾት ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ በየመስመሩ ራሱን መግለጽ አለበት። አሁን «ጠዋት»፣ «ረፋድ»፣ «ቀን» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ፊት አስቀምጣለሁ፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል የፈረንጁን ሰዓት እጽፋለሁ። አንድ መስመር እንዲህ ይመስላል፦

```
<tr>
  <td>ጠዋት 3:30<br><small>9:30 AM</small></td>
  <td>ከ1ኛ–4ኛ ክፍል ሥራዎች</td>
  <td>አዳራሽ</td>
</tr>
```

የመዝጊያው መስመር ላይ ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። ሽልማቱ የነበረው ቀን 6:30 ነው። ብቻውን «6:30» ብትሉት አንዱ ለምሳ ሰዓት፣ ሌላው ለማታ ይይዘዋል።

ቀኑም የራሱ ጣጣ ነበረው። ገጹ አናት ላይ «9/9/2017» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው፣ ቀኑም 9፤ ልክ ነው። ግን ይህንኑ ቁጥር ገልብጬ «ወደ ካላንደር ጨምር» የሚለው ሊንክ ውስጥ ስከተው የወላጆች ስልክ የወሰደው እንደ ፈረንጆቹ መስከረም 9 ቀን 2017 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈው ቀን! ስልኩ ደግሞ ስላለፈ ቀን አያስታውስም፤ ዝም ይላል። አንዲት እናት «ቲቸር፣ አስታዋሹ እኮ አልጮኸም» ስትለኝ ነው የገባኝ። አሁን ሰው የሚያነበው ላይ ወሩን በፊደል እጽፋለሁ፤ «ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017» ብዬ። የሳምንቱን ቀን በፍጹም አልተውም። ሰው ቀን ሲሳሳት የሚያርመው «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ነው። ለስልኩ የሚሰጠው ሊንክ ውስጥ ግን የሚገባው የፈረንጁ ነው፤ 20250517።

የሠንጠረዡ ቅርጽ ላይ ብዙ አልቆይም። መጀመሪያ ከዎርድ ገልብጬ ለጠፍኩት። አምስት ዓምድ ነበረው፤ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ዝግጅት፣ ቦታ፣ ኃላፊ። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ዓምዶቹ ከመጥበባቸው የተነሳ «መክፈቻ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ተሰብሮ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ተራ ቁጥር ለማን ይጠቅማል? ኃላፊውን የሚፈልገው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱ አለው። ሁለቱን አወጣኋቸው። ወላጅ የሚፈልገው የልጁ ክፍል ስንት ሰዓትና የት እንደሚያቀርብ ብቻ ነው። ሦስት ዓምድ ለማንኛውም ስልክ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሠንጠረዡን በፖስተር ምስል አትሥሩት። ዲዛይነራችን ቆንጆ አድርጎ ሠርቶልን ነበር። ግን ሐሙስ ማታ የአንዱ ዝግጅት ሰዓት ሲቀየር ዲዛይነሩ ስልክ አላነሳም።

ወደ ካርታው እንሂድ። ካርታው እንዳይታይ የሚያደርጉ ሁለት የታወቁ ስህተቶች አሉ፤ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ከብራውዘሩ አናት ያለውን አድራሻ ገልብጦ ካርታው ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። ግራጫ ሳጥን ይወጣና «refused to connect» ይላል። ጉግል መደበኛ ገጹ በሌላ ሰው ገጽ ውስጥ እንዲከፈት አይፈቅድም፤ ለዚህ የተለየ ኮድ አለው። በኮምፒውተር ጉግል ማፕስ ላይ ቦታውን ከፍታችሁ Share የሚለውን ትነካላችሁ፤ ከዚያ Embed a map፣ ከዚያ COPY HTML። በ<iframe ተብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ይሰጣችኋል። የሚለጠፈው እሱ ነው። በስልክ አፑ አትፈልጉት፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ፈልጌዋለሁ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል። የኛ ዌብሳይት በዎርድፕረስ ነው የተሠራው። ኮዱን ለጠፍኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ካርታው ጠፋ። ደግሜ ለጠፍኩ፣ ደግሞ ጠፋ። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የተሰጠኝ አካውንት Author የሚባለው ደረጃ ነበር። ዎርድፕረስ እንዲህ ያለ አካውንት iframe እንዲለጥፍ አያምነውም፤ ሴቭ ሲደረግ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ደረጃዬ Editor ሲሆን በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።

ካርታው መታየቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ማድረሱ ሌላ። በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ጥበቃው ጋሼ ወደ እኔ መጡና «ዛሬ ምን ተፈጠረ? ሰው ሁሉ በጓሮ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ። ወጥቼ ሳይ ከግቢው ጀርባ ባለችው ኮብልስቶን መንገድ ላይ መኪና ተደርድሯል። እዚያ ያለው በር ቆሻሻ የሚወጣበት ትንሽ የብረት በር ነው፤ ሁልጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። መኪና መመለሻ እንኳን የላትም መንገዷ።

ምክንያቱ ፒኑ ነው። ካርታው ላይ የትምህርት ቤታችን ስም ያለበት ነጥብ ሕንፃው መሃል ላይ ነው ያረፈው። አፑ መንገድ ሲመራ ለነጥቡ ወደሚቀርበው መንገድ ይወስዳል እንጂ በሩ የት እንደሆነ አያውቅም። ሕንፃችን ደግሞ ወደ ጓሮው አጥር ነው የተጠጋው፤ ከፊት ሜዳው አለ። ስለዚህ ለካርታው ቅርቡ መንገድ የጓሮው ነው። ነጥቡ ትክክል ነው፣ ስሙ ትክክል ነው፣ ሰዉ ግን በተሳሳተ በር ቆሟል። ይህን ቢሮ ተቀምጦ ካርታውን በማየት ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው አንድ ሰው ራቅ ካለ ቦታ ተነስቶ አፑን ተከትሎ ሲመጣ ነው። ዘንድሮ አንድ የሒሳብ መምህር ከቤቱ ሲመጣ እንዲሞክርልኝ አድርጌያለሁ፤ መንገዱን እንደማያውቅ ሆኖ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ትቼ የበሩን ነጥብ ወሰድኩ። ስልክ ላይ ካርታውን አስፍታችሁ በሩ ያለበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ብታቆዩ ቀይ ፒን ይወድቃል፤ ሁለት ቁጥርም ይመጣል። በኮምፒውተር ከሆነ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ ከዝርዝሩ አናት ያለውን ቁጥር መገልበጥ ነው። ከዚያ «አቅጣጫ አሳየኝ» የሚል ቁልፍ ሥር ይህንን አስገባሁ። ቁጥሩ እዚህ ለምሳሌ ያህል ነው፤ በራሳችሁ በር ቁጥር ቀይሩት፦

```
https://www.google.com/maps/dir/?api=1&destination=9.0300,38.7400
```

የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ጠብቁ። ለአዲስ አበባ 9 የሚጀምረው ይቀድማል፣ 38 ይከተላል። እኔ አንዴ ገልብጬው ትምህርት ቤታችንን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ከትቼዋለሁ። ይህ እንኳን ወዲያው ይታያል፤ የሚጎዳው ሃምሳ ሜትር የሳተው ነው።

ካርታው ራሱ አሁንም ገጹ ላይ አለ፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዳታ ይበላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚከፈት። ከላዩ በሁለት መስመር እኛው በምንነጋገርበት ቋንቋ ጻፍኩ፦ ከታክሲ መውረጃው ወደ ላይ፣ ፋርማሲውን አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴው በር። የበሩን ፎቶም ጨመርኩ። ቆይቼ ወላጆችን ስጠይቅ አብዛኛው ሰው የመጣው በፎቶው ነው። ካርታውን የተጠቀሙት መኪና የያዙትና በራይድ የመጡት ናቸው።

አሁን ቁልፉ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ሲበላሽ ድምፅ የለውም። ሰው ሳይመዘገብ ይቀራል፤ እኛ ደግሞ ፍላጎት የለውም ብለን እናስባለን።

ፎርሙን የሠራሁት በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ነው። ለመምህራን ግሩፕ ላክሁት። ሁሉም ሞከሩት፤ ተከፈተ፣ ሞሉት፣ «አሪፍ ነው» አሉኝ። ሰኞ ለወላጆች ለቀቅኩት። ረቡዕ ድረስ የተመዘገበው አራት ሰው ነው። ከስድስት መቶ ወላጅ አራት! ርዕሰ መምህሩ «ወላጆቻችን ለሳይንስ ግድ የላቸውም» እስከማለት ደረሰ። ረቡዕ ማታ አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፤ «ቲቸር፣ ሊንኩ ፈቃድ ጠይቂ ይለኛል። ማንን ነው የምጠይቀው?»

የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ያለው ሰው ጉግል ፎርም ሲሠራ ፎርሙ የዚያ ተቋም አባላት ብቻ እንዲከፍቱት ሆኖ ሊጀምር ይችላል። መምህራኑ ሁሉ ስልካቸው ላይ የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ስላለ ለነሱ ተከፈተ። ወላጆች ግን ከውጭ ናቸው። አራቱ የተመዘገቡት እነማን እንደሆኑ ኋላ ሳይ ልጆቻቸው እኛ ጋ የሚማሩ መምህራን ናቸው! ስለዚህ ማን ሊመልስ ይችላል የሚለውን ቦታ ፈልጋችሁ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲሞላ ክፈቱት። ሊንኩንም ከብራውዘሩ አናት አትገልብጡ። በ/edit የሚያልቀው የእናንተ የሥራ ክፍል ነው፤ ለሰው የሚሰጠው በ/viewform የሚያልቀው ወይም በforms.gle የሚጀምረው ነው።

እሱን ባስተካከልኩ ማግስት ሌላ መጣ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ብዬ Limit to 1 response የሚለውን አብርቼ ነበር። ይህ ሲበራ ፎርሙ በጂሜይል ግቡ ይላል። የኛ ወላጆች ጂሜይል አላቸው፤ ስልኩን የገዙ ቀን የሱቁ ልጅ ነው የከፈተላቸው። የይለፍ ቃሉን ማን ያስታውሳል? በዚያ ላይ ሁለት ልጅ ያላት እናት ለሁለተኛው መሙላት አትችልም። አጠፋሁት። ድግግሞሹን በስልክ ቁጥር ለየሁት፤ አሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በእጅ ተሰረዘ።

ጥያቄው ላይም ተምሬያለሁ። «ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?» ብዬ ባዶ ቦታ ተውኩ። የመጣው መልስ «2»፣ «ሁለት»፣ «እኔና ባለቤቴ»፣ «እግዚአብሔር ከፈቀደ ሦስት» ነው። የመጨረሻውን እንዴት ልደምረው? ለሻይና ለዳቦ ቆሎ የሚታዘዘው ከዚህ ድምር ነበር፤ አንድ ማታ ሙሉ በእጄ ቆጠርኩ። አሁን ከ1 እስከ 5 የሚመረጥ ዝርዝር ነው። ፎርሙ ላይ አራት ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ የወላጅ ስልክ፣ የሰው ብዛት።

አሁን ገጽ ስለቅ የማደርገው ሙከራ አንድ ነው። የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ስልክ አለ፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ የትምህርት ቤቱ ኢሜይል የሌለበት፣ ዋይፋያችንን የማያውቅ። ሊንኩን በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ አጠገቧ ሆኜ አያለሁ። እኔ አልነካም፣ አላስረዳም። «ይመዝገቡ» የሚለውን ነክታ፣ ሞልታ፣ ስሟ እኔ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ገጹ ይለቀቃል።

ቴሌግራም ካነሳሁ አይቀር፣ ሊንክ ስትልኩ ከሥሩ የሚወጣው ርዕስና ምስል መጀመሪያ ሲነበብ የተቀመጠ ነው። ገጹ ላይ ሰዓቱን አርሜ ሊንኩን ደግሜ ብልከውም ቴሌግራም የድሮውን ሰዓት ያሳይ ነበር። @WebpageBot ለሚባለው ቦት ሊንኩን ስትልኩለት ገጹን እንደገና ያነበዋል። እንዲያም ሆኖ አሁን ሰዓት ርዕስ ውስጥ አልጽፍም።

ዘንድሮ ጥር ላይ የወላጆች ቀን ነበረን። በዚሁ በታረመው ገጽ ነው የጠራነው። በሦስት ቀን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ9 ሰዓት የመጣ የለም። ከገጹ ሥር ስልክ ቁጥር ስላስቀመጥኩ ሠላሳ ያህል ሰው ደግሞ ምንም ሳይነካ ደውሎ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሏል፤ አብዛኞቹ አያቶች ናቸው። ጓሮ በር ላይ አሁንም ሁለት መኪና ቆሞ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ስም ራሳቸው ካርታ ላይ ፈልገው የመጡ። ጋሼ አስቀድመው የትንሿን በር ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ነበር።